የጂዜል ክንፍ ይቆይ

ሩክሚን መልእክቱን «ይቅርታ» ብላ ጀመረችና መልሳ አጠፋችው። ምን አድርጋ ነው ይቅርታ የምትለው? ሰው ቅጠር ሲባል ያልቀጠረ አለቃዋ፣ ላባውን አዘግይቶ ያስመጣ እሱ፤ ይቅርታ ጠያቂዋ ግን እሷ። ወይ ጉድ ብላ ሙጫ በደረቀበት አውራ ጣቷ እንደገና መጻፍ ያዘች።

ቀኑ ከካርኒቫል በፊት ያለው ሐሙስ ነው። በዚህ ቀን ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ የጭፈራ ልብስ የሚሠራ ቤት ሁሉ ያብዳል፤ ውድብሩክ ሰፈር ያለው የጄራርድ ቤት ደግሞ ሳያብድ የዋለበት ቀን የለም። ሰኞና ማክሰኞ ጎዳና የሚወጡት ሴቶች ልብሳቸውን ሊወስዱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። «ቀዩ ወፍ» የሚባለው ምድብ ብቻ አርባ ሴቶች አሉት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ያለቀ ልብስ ግን ለሩባቸው እንኳ አይበቃም ነበር። ሩክሚን የሠራተኞቹ ኃላፊ ናት። የሷ አለቃ ጄራርድ ነው፤ የጭፈራ ቡድኑም የሱ፣ ቤቱም የሱ፣ ጩኸቱም የሱ።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«ደህና አደሩ ሚስተር ጄራርድ። የቀዩ ወፍ ሥራ እንዳለ ከቀጠለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያልቅም። ሁሉንም እንሥራ ካልን ግማሾቹ ሴቶች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሁሉም ልብስ ይዘው እንዲሄዱ ከተፈለገ የሚቀነስ ነገር አለ። የእኔ ሐሳብ፦ የኋላ ረድፍ ሴቶች የእግር ላባ ይቅር። የእጅ አንጓ ጌጥ ለሁሉም ይቅር። የሚስ ጂዜል ክንፍ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ይቆይ፤ ሦስት ሰው ይዞብኛል። የነገው ፎቶ ወደ እሑድ ቢዛወርልን። እንዲህ ካደረግን የራስ ጌጥ፣ ጡት መያዣና ቀበቶ ለአርባውም ይደርሳል። እስከ አራት ሰዓት ይወስኑልኝ። ከዚያ በኋላ ብንቀንስም አይደርስም። ሩክሚን።»

ላከችው።

የምትፈራው ሥራውን አይደለም፤ መስኮቱን ነው። ልብስ የሚታደልበት መስኮት ግቢውን ያያል። አምና እዚያ መስኮት ላይ የቆመችው ሊስትራ ነበረች፤ ዐሥራ ምናምን ዓመት እዚህ ቤት የሰፋች ሴት። ልብሱ አልደርስ ሲል ጄራርድ ብቅ ብሎ «ሊስትራ ናት ያዘገየችው» አለና ተመልሶ ገባ። ሴቶቹ ሸሚዟን ቀደዱባት፤ ፎቶዋ ከተማውን ዞረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቤት መርፌ አላስያዛትም። ዛሬ መንገድ ዳር ቆማ ሽንብራ በቂጣ ትሸጣለች፤ ሩክሚን በዚያ ስታልፍ ሰላም ለማለት እንኳ ያሳፍራታል። እንግዲህ ሩክሚን ያላት ነገር ስሟ ነው። ከዚህ ቤት ብትወጣ ሌላ ቤት የሚያስገባት እሱ ብቻ ነው። ጊዜ ሳለ በጽሑፍ ከነገርኩት ነገ «አልነገረችኝም» አይልም ብላ ነበር የጻፈችው።

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። መልስ ግን የለም። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጄራርድ ራሱ ከቢሮው ወጣ፤ ወፍራም ነው፣ ፎጣ ከአንገቱ አይለየውም፣ ሲናደድ ድምፁ ይቀጥናል።

«ማናት እዚህ ቤት ውስጥ የደከማት?» አለ በቀጭኑ።

መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ሚስተር ጄራርድ፣ ደከመኝ አላልኩም» አለች ሩክሚን። «የሚቀነሰውን ይምረጡልኝ ነው ያልኩት።»

«መርጠሽልኛል እኮ! ሚስቴን መርጠሽ። ሰው ከቤቴ ገብቶ እንጀራዬን እየበላ ሚስቴን ይቀንስልኛል።»

«ክንፉ ሁለት ቀን ይቆይ ነው ያልኩት። እሳቸውን ማን ነካቸው።»

«ስሚ። የሚመጣውን ዓመት ልብስ የሚሸጠው የነገው ፎቶ ነው። ጂዜል ያንን ክንፍ ለብሳ ጋዜጣ ላይ ስትወጣ ነው ሰው የሚመዘገበው። አንቺ ያለሽው ዛሬ ላይ ነው፤ እኔ ያለሁት ከርሞ ላይ ነው። ገባሽ?»

ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ሩክሚንም ታውቀዋለች። «ገብቶኛል» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጡት ግን የዘንድሮዎቹ ናቸው።»

ከጥግ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ጄራርድን አነደደው። ከሠራተኛ ፊት የተሳቀበት አለቃ ደግሞ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

«መልእክትሽን ለሁሉም ልኬዋለሁ» አለ ስልኩን እያወዛወዘ። «ሰነፍ ሥራ ሲጠላ እንዴት አድርጎ በጨዋ ቋንቋ እንደሚጽፍ ይማሩበት ብዬ። አንብቡት! ከርዊን፣ አንብበህልኛል?»

ከርዊን ስልኩን አወጣ፤ አየው፤ መልሶ ከተተው። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። መልእክቱ የደረሰው ሰው የለም። ግን በዚያች ሰዓት «አልደረሰኝም» ብሎ ከጄራርድ ጋር የሚከራከር ማን ይኖራል። ሩክሚንም ዝም ብሎ ሊያስፈራራኝ ነው ብላ አለፈችው።

«አንብቤዋለሁ» አለ ከርዊን። ይህ ሰው የሩክሚንን ቦታ ሲመኝ ስንት ካርኒቫል አልፎታል። «አለቃ፣ እኔ ምንም አልቀንስም። እሷ እያንዳንዱን ላባ ሙጫ ቀብታ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ከዚያ ደግሞ በክር ታሰፋዋለች፤ ጊዜውን የበላው ይሄ ነው። በትኩሱ የሙጫ ሽጉጥ ጠብ፣ ጠብ፣ አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እጃችንን ታጥበን እንቀመጣለን።»

«ትኩስ ሙጫ ፀሐይ ሲነካው ይለሰልሳል» አለች ሩክሚን። «ማክሰኞ ቀን አስፋልት ላይ ላባው ይረግፋል።»

«ማክሰኞ ሲደርስ ያሳስበኛል» አለ ጄራርድ።

«አሁን ያሉት ከርሞ ላይ አልነበረም?»

ይህንን ባትለው ይሻላት ነበር፤ አለችው ግን። ጄራርድ ፎጣውን ከአንገቱ መንጭቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ከርዊን ኃላፊ ነህ። አንቺ ደግሞ እንዲህ አፍ ካለሽ መስኮቱን ያዢ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን አፍሽን ለሴቶቹ ታሰሚያቸዋለሽ።»

መስኮት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ሊስትራን ሁሉም ያስታውሳታል። ጣቱን ለማንሳት የደፈረ ግን አልነበረም። ሩክሚን መቀሷን አስቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፣ ከርዊን ፊት አላለቅስም ብላ ዋጠችው።

እንግዲህ ያ መልእክት የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ጄራርድ ለእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ሁለት የስልክ ቡድን አለው፤ አንዱ የሠራተኞቹ፣ አንዱ የጨፋሪዎቹ። ለሁለቱም ያወጣው ስም «ቀዩ ወፍ» ነው፤ ምልክታቸውም ያው ቀይ ወፍ። ለምን ቢሉት «እኔ አውቃቸዋለሁ» ይላል። ንዴት ደግሞ ዐይን የለውም። የሩክሚንን መልእክት ፎቶ አንስቶ «ሥራ የሰለቻትን እዩልኝ» የሚል ጨምሮበት የላከው ለአርባዎቹ ሴቶች ነበር።

ከርዊን ሽጉጡን ይዞ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ክንፉ ላይ ያሉት ሦስቱ ሰዎች ቀና አላሉም። ሩክሚን በመስኮቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያለቀውን ልብስ በየስሙ ከረጢት ውስጥ ትከታለች። እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ከዚያ ተደበደበ።

ሴቶቹ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበር።

ከፊት የቆመችው ዶርካስ ናት፤ የአውቶቡስ ተራው አጠገብ የዓሣ መሸጫ ያላት፣ ድምፅዋ ከባሕሩ ማዶ የሚሰማ ሴት። ከኋላ ረድፍ የምትጨፍር ናት። ስልኳን በመስኮቱ አስገብታ ከሩክሚን አፍንጫ ሥር አቆመችው።

«ሩክሚን የምትባይው አንቺ ነሽ?»

ሩክሚን አየች። የራሷን ቃል አየች፤ «የኋላ ረድፍ ሴቶች የእግር ላባ ይቅር» የሚለውን። ከላዩ የጄራርድ ስም አለ።

«ነኝ» አለች።

«አንቺ ነሻ የኛን እግር የቀነስሽው። ምነው እቴ፣ የኛ እግር እግር አይደለም? የፊተኞቹ እግር በወርቅ ነው እንዴ የተሠራ?»

«እግራችንን ነው እንጂ ላባውን መቼ ቀነሰችው» አለች ከኋላ አንዷ። ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። መስኮቱን ተጠጉት። አንዲት እጅ ገብታ የሩክሚንን እጅጌ ጨበጠች።

ስሟን ይጠብቅላታል ያለችው መልእክት ስሟን ሊያስበላት መጣ። ሩክሚን ያኔ «እኔ አይደለሁም፣ ጄራርድ ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? ግን ጄራርድ አልቀነሰም፤ የቀነሰችው እሷ ናት። የጻፈችውን ደግሞ የጻፈችው አስባበት ነው።

«እጅሽን ከእጅጌዬ ላይ አንሺልኝና ልንገርሽ» አለች። እጅጌዋን ለቀቋት። «አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። የእግር ላባችሁን ያልኩት ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ራሳችሁ ፈታችሁ ስለምትጥሉት ነው። በየዓመቱ መንገድ ጠራጊዎቹ በጋሪ ነው የሚሰበስቡት። ዶርካስ፣ አምና አልጣልሽም?»

«ጥያለሁ» አለች ዶርካስ።

«የኋላ ረድፍን ያልኩት ደግሞ ካሜራው የሚያየው ፊተኞቹን ስለሆነ ነው። ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። አንዷ የእግር ላባ ከምታገኝና ሌላዋ ባዶዋን ከምትመለስ፣ ለሁላችሁም ልብስ ይድረሳችሁ ብዬ ነው።»

«እኛ ስንጥለው ሌላ ነው» አለች ዶርካስ። «ለብሰነው፣ ጨፍረንበት፣ ሲያቃጥለን ነው የምንጥለው። ማንም አይጥልልንም።»

«ልክ ነሽ» አለች ሩክሚን።

«ይሄ የጂዜል ክንፍ የሚባለውስ? ሦስት ሰው የያዘው? ቆመ ወይስ አልቆመም?»

ሩክሚን አፏን ከመክፈቷ በፊት ስልኳ ጮኸ። የጄራርድ መልእክት ነው፤ ቢሮው ውስጥ በሩን ቆልፎ የጻፈው። ጠዋት ለሴቶቹ የላከውን ሊያጠፋ ሞክሮ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አርባ ሴት አንብባ፣ ፎቶ አንስታ፣ ለእህቷና ለጎረቤቷ ልካዋለች። «መልእክቱ የራስሽ ቅዠት እንደሆነ ንገሪያቸው» ይላል። «እኔ እንዳልተቀበልኩትና ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንደሚወጣ ንገሪያቸው። ካልነገርሽ ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺም።»

ሩክሚን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከአጠገቧ ካለው ከረጢት ከርዊን የሠራውን አንዱን የራስ ጌጥ አወጣች። ጌጡ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ሙቀት ላይ ውሏል፤ ላባውን በሁለት ጣት ስትይዘው ከነሙጫው ተግተልትሎ መጣ። ሌላውን ያዘች፤ እሱም መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ የተሠራው ሁሉ እንደገና ሊሠራ ነው።

ተነሳች። መስኮቱን እንደተከፈተ ትታ ወደ ሥራው ክፍል ገባችና የቢሮውን በር በጡጫ መታች።

«ውጣ» አለች።

በሩ ተከፈተ። ጄራርድ ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። «ውጣ? ማንን ነው ‹ውጣ› የምትይው?»

«አንተን። እዚህ ቤት ሌላ ተቀማጭ የለም።» በሕይወቷ «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር። ከተናገረችው በኋላ ግን ቀላል ሆኖ አገኘችው። የተበተነውን ላባ ከእግሩ ሥር ጣለችው። «ይኸውልህ የከርዊን ሥራ። አራት ሰዓት ላይ ብትመልስልኝ አርባውም ይደርሱ ነበር። አሁን ብትቀንስም አይደርሱም። ዐሥሩ ሴቶች ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። ሠላሳው እንዲደርስ ግን እጅ እፈልጋለሁ።»

«ከርዊን ነው ኃላፊው!»

ከርዊን ሽጉጡን ከወንበሩ ሥር ሸሸገና ወለሉን አየ።

ሩክሚን ወደ ክንፉ ዞረች። «እናንተ ሦስታችሁ፣ ክንፉን ግድግዳው ላይ ስቀሉትና ወደዚህ ጠረጴዛ።» ሦስቱ ጄራርድን አዩት። ጄራርድ ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት ይሰማል፤ አንዲቷ «ክንፏን እናያታለን!» እያለች በሩን በእግሯ ትመታለች። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሦስቱ ሰዎች ክንፉን ሰቅለው መጡ።

«አንድ እጅ ይጎድለኛል» አለች ሩክሚን። «እሱም የኔው ነው። እኔ መስኮት ላይ ከቆምኩ የሚሰፋ አንድ ሰው ቀነሰ። አንተ መስፋት አትችልም።»

«እና?»

«እና መስኮቱ ያንተ ነው።»

ጄራርድ ፊቱ እንደ ጨርቅ ነጣ። «ይገድሉኛል» አለ፤ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ።

«ሊስትራን አልገደሏትም። ሸሚዟን ብቻ ነው የቀደዱት።»

«ከርሞ እዚህ ቤት እግርሽ አይረግጥም። ሰማሽ? ከተማው ውስጥ መርፌ የሚያስይዝሽ ሰው ካገኘሽ እኔ ጄራርድ አይደለሁም።»

«ከርሞ ላይ ያለኸው አንተ ነህ» አለች ሩክሚን። «እኔ ያለሁት ዛሬ ላይ ነው።»

ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። ከርዊን ያበላሸውን የራስ ጌጥ ገፋ አድርጋ ክር ሳበች። ጄራርድ ትንሽ ቆመ። ቢሮውን አየ፤ የኋላውን በር አየ፤ ከኋላው በር ውጭም ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ፎጣውን ከአንገቱ አውልቆ ወደ ጠባቡ ክፍል ገባ።

ጩኸቱ አንድ ጊዜ ከፍ አለና ዝቅ አለ። ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«የእግር ላባ የለም» አለ ጄራርድ። «የእጅ ጌጥም የለም። ደግሞ… የመጨረሻዎቹ ዐሥሩ ነገ ጠዋት ነው የሚወስዱት።»

«ማነው ይህን የወሰነው?» አለች ዶርካስ። «ሴትየዋ ጠዋት ነው የነገረችህ። አንብበነዋል። ማነው እስካሁን ያቆየው?»

በክፍሉ ውስጥ መርፌ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ሩክሚን ብቻ ነበረች የምትሰፋው፤ ጆሮዋ ግን ከሳንቃው ማዶ ነበር።

«ሚስተር፣ አልሰማንህም» አለች ዶርካስ።

«እኔ ነኝ» አለ ጄራርድ።

ከግቢው የተወረወረ ነገር መስኮቱን መታው፤ ከዚያ ሌላ። ሩክሚን ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና «ቀጣዩን አቀብለኝ» አለችው ለከርዊን።